ለአማቶቼ የምልከውን የይቅርታ መልእክት እዩልኝ

አዲስ አባት (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ እዚህ አምጥቼዋለሁ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ቤታቸው ከቢቸና ወጣ ያለ ገጠር ነው። ማርያም ማረቻት፤ ሴት ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ሳምንት እናቴና እህቴ አራሷን ሊጠይቁ ሄዱ። ሲመለሱ የእናቴ ፊት ጠቁሮ ነበር። «የልጅህ እናት ደረቅ ገንፎ ነው የምትበላው፤ መሐሉ ላይ ያለችው ቅቤ ጣት አታርስም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለቅቤና ለማር ብዬ 6,000 ብር ልኬ ነበር።

ያን ማታ ማንንም ሳልጠይቅ ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላክሁ። ርዝመቱ 48 ሰከንድ ነው። «እናትህ ለአራስ የተላከውን ቅቤ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች ወይ?» የሚል ቃል አለበት። ወንድሟ ለእናቱ አሰማት። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀው። ባሕር ዳር ያሉት የአጎት ልጆች ሳይቀሩ ሰሙት። እህቴ መልስ ሰጠች፤ የጋብቻችን ሽማግሌ የነበሩትን የባለቤቴን አጎት ዘለፈች። ባለፈው ሳምንት በአንድ ለቅሶ ላይ የእኔ አጎትና የእሷ አጎት በአንድ ድንኳን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ።

እውነቱን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፣ እያለቀሰች። ቅቤ ሲበዛባት ሆዷን እያመማት «ቀንሺልኝ» ያለችው ራሷ ናት። እናቷ የተረፈውን ሲሻላት ልትሰጣት በቅል አድርጋ ሰቅላዋለች። ቅሉ አሁንም እዚያው አለ።

ልጄ ዛሬ 61 ቀኗ ነው። ክርስትናዋ በ80ኛው ቀን ነው። የጻፍሁት ይኸውላችሁ፦

«የተከበራችሁ አባቴና እማማ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው በተፈጠረው አለመግባባት ቅር ከተሰኛችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተናገርሁት ለልጃችሁ ጤና ከማሰብ ነው። እናቴ ያየችውን ስትነግረኝ ተናድጄ ነው። ስለ ገንዘቡ የጠየቅሁትም ለንቀት አይደለም። ድምፁን ለሁሉም ያሰራጨው ወንድሜም ጥፋት አለበት። ያለፈውን ረስተን ለልጃችን ክርስትና በፍቅር እንገናኝ።»

ልላከው ወይስ የጎደለ አለው?

ሰላም ይሻላል

ጥሩ ነው፤ ዛሬውኑ ላከው። በቆየ ቁጥር ይሻግታል።

የጮቄ ልጅ

ወንድሜ፣ ይህ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ሲበድሉ ድንጋይ ተሸክመው ደጅ ይወድቁ ነበር። አንተም ድንጋይህን ተሸክመህ ግባና ጉልበታቸውን ሳም። በጎጃም ምድር ደጁ ላይ የወደቀ ሰው ረግጦ የሚያልፍ አማት የለም።

ሒሳብ ሹም

ገንዘቡን በባንክ ከላክኸው ማስረጃው በእጅህ ነው። ቅቤውም ካልተበላ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቅቤው ተመዝኖ የቀረው ብር እንዲመለስልህ በትሕትና መጠየቅ ትችላለህ። መልእክቱ ላይ መጠኑን በግልጽ ጻፍ።

አዲስ አባት

ሒሳብ ሹም፣ ወንድሜ፣ ገንዘቡን እንዲመልሱልኝ አይደለም የጠየቅሁት። አንድ ብር አልፈልግም። የምፈልገው ይቅርታ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ጡረተኛ

ልጄ፣ በሽምግልና ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ። መልእክትህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አትላከው። ከላክኸው ሽማግሌ ሲመጣ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ሽማግሌ ተልኮ አማቶችህ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ምን አጥፍቻለሁ ብሎ ላካችሁ?» ይባላል። ያን ጊዜ ሽማግሌው የሚያቀርበው ቃል ሊኖረው ይገባል። በአንተ መልእክት ውስጥ ግን ጥፋት የሚባል ነገር የለም። «አለመግባባት ተፈጠረ» ብለሃል። አለመግባባት ሁለት ሰዎች የሚፈጥሩት ነው፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ተናግሮ ሌላ ሰው ተሰድቧል። «ቅር ከተሰኛችሁ» ብለሃል። ሴትዮዋ በወንድምና በእህት፣ በጎረቤትና በዘመድ ፊት ሌባ ተብላ እያለ «ምናልባት ከፍቷት እንደሆነ» ማለት ሁለተኛ ስድብ ነው። የእናትህን ስምም አስገብተሃል። አማትህ ያን ስትሰማ ይቅርታህን ትታ ከእናትህ ጋር ያላትን ነገር ትጀምራለች። ወንድሟን ደግሞ ከስሰሃል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በዚያው አፉ ክስ ካቀረበ ሽማግሌ «ታዲያ ሁለታችሁም ተናገሩ» ብሎ ችሎት ለመዘርጋት ይገደዳል፤ ነገሩም ከአንዲት የቅቤ ቅል ተነሥቶ የጋብቻ ቀን የተባለው ሁሉ ይቆጠራል።

መልእክትህ ብቻውን አያስታርቅም፤ በሩን ግን ይከፍታል። በሩን ለመክፈት የተናገርኸውን ቃል እንዳለ ጥራው፣ ሐሰት መሆኑን ተናገር፣ አንሣው። ከዚህ ያለፈ ምክንያት አትጨምርበት።

የሰሚውንም ነገር አስብበት። አማትህ ማንበብ ይችላሉ? ካልቻሉ ማን ያነብላቸዋል?

አዲስ አባት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ ማንበብ አይችሉም። አባቴ የዳዊት ንባብ ያውቃሉ፤ የስልክ ጽሑፍ ግን ዓይናቸው አያነብም። ባለቤቴ ታነብላቸዋለች ብዬ ነበር።

የዳንግላ እናት

እባክህ ይህን አታድርግ። እኔ በሚስትህ ቦታ የነበርሁ ሴት ነኝ።

ባለቤቴ ከአባቴ ጋር በመሬት ኪራይ ተጋጭቶ እንደ አንተው «ከተቀየማችሁ ይቅርታ» የሚል መልእክት በእኔ ስልክ ላከ። ያነበብሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል? ባሌን ብደግፍ አባቴን ከዳሁ፣ አባቴን ብደግፍ ቤቴን አፈረስሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ቡና ሲፈላ እንኳ አፌን ከፍቼ ማውራት ይከብደኝ ነበር። ባሌና አባቴ ለሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። የተነጋገሩት አባቴ ታሞ ባለቤቴ በትከሻው አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስደው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቷን ሌባ ስትላት እሷ ደረቷ ላይ ሕፃን ይዛ እዚያው ቤት ነበረች። ጡት የምታጠባ ሴት ናት። እሷን ይቅርታ ጠይቀሃታል?

አዲስ አባት

አልጠየቅኋትም። እውነቱን ስትነግረኝ «እሺ፣ እናትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ነው ያልኋት። ጥያቄሽን ሳነብ ደነገጥሁ። አሁን እደውልላታለሁ።

የጮቄ ልጅ

ሁላችሁም ስለ ቃል አመራረጥ ታወራላችሁ። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፤ ራሱ መሄድ አለበት። ሰው ፊት ለፊት ሲታይ ልብ ይራራል። ወረቀት ጉልበት አይስምም።

የፍኖተ ሰላሙ ጡረተኛ

የጮቄ ልጅ፣ መሄድ እንዳለበት እስማማለሁ። ጽሑፍ ብቻ ልኮ ቤቱ ቢቀመጥ ንቀት ነው። ድንጋዩን ግን ተወው። እኔ ድንጋይ ሲሸከሙ ያየሁት ደም ባለበት ነገር ነው፤ እሱም ሽማግሌ ተመላልሶ፣ የተበዳይ ወገን ልቡ ለስልሶ፣ «ይምጣ» ከተባለ በኋላ ነው። ሳይጠራ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚወድቅ ሰው ያስገድዳል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሴትዮዋ በሰው ፊት «ይቅር» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖራትም። አፏ ይቅር ይላል፤ ልቧ ግን እዚያው ይቀራል። እንዲህ የታረቀ ነገር በሚቀጥለው ድግስ ላይ እንደገና ሲነሣ አይቻለሁ።

ሥርዓቱ ቀስ ያለ ነው። መጀመሪያ መልእክቱ ይደርሳል። ቀጥሎ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ፤ ሦስት ይበቃሉ፣ አንዱ የንስሐ አባታቸው ቢሆኑ መልካም ነው። ሽማግሌዎች ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም፣ የቀረበም አይቀምሱም፣ መልስ እስኪያገኙ። በመጀመሪያው ቀን «ታርቀናል» የሚል ቤት ጥቂት ነው። «እንመካከርበት» ብለው ቀን ይቆርጣሉ። ያ እምቢታ አይደለም፤ ክብራቸውን መልሰው የሚለብሱበት ጊዜ ነው። አንተ የምትገባው በተቆረጠው ቀን ነው።

ስለ አንባቢው የዳንግላዋ እኅታችን ልክ ናት። አራሷን ከመሐል አውጣት። የመጀመሪያ ሚዜህ የት ነው ያለው? በእኛ አገር ሚዜ በሙሽራዋ ቤት እንደ ልጅ ነው፤ በሰርጉ የበላ፣ በጠቡም የሚላክ። በወረቀት ጻፈው፣ እሱ ይዞ ይሂድና ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው።

ከሞጣ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስድቡ የሄደው በድምፅ ነው፣ በቡድን ውስጥ ነው። ይቅርታው በጓዳ በወረቀት ቢነበብ ባሕር ዳር ያለው የአጎት ልጅ በምን ያውቃል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በተሰማበት ቦታ መመለስ አለበት። እኔ ብሆን እዚያው ቡድን ውስጥ በድምፅ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የፍኖተ ሰላሙ ጡረተኛ

ግማሹ እውነት ነው። በአደባባይ የተነገረ በአደባባይ ይመለሳል። ቅደም ተከተሉ ግን ይለያል። አማትህ ሳትሰማ ቡድኑ ከሰማ፣ ዘመድ ሁሉ «በቃ ይቅር በይው» እያለ ይደውልላታል። እንደገና ማስገደድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ እሷ ስትፈቅድ ለሰሚው ሁሉ። ፈቃዷን በመልእክቱ ውስጥ ጠይቅ።

አያት ነኝ

ልጆቼ፣ እኔ አራት ሴት ልጆች ድሬ፣ አራቱንም አርሻለሁ። የአማት ወገን የተናገረ ስላጣሁ ልናገር።

ሰው አራስ ቤት ገብቶ የሚያየው ገንፎውን ብቻ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እሳት ስታያይዝ የሚያያት የለም። አራሷን ታጥባለች፣ ሕፃኗን ታጥባለች፣ አጥሚት ታፈላለች፣ የሚጠይቀውን እንግዳ ታበላለች፣ ጀርባዋን የምታሳርፍበት ጊዜ የላትም። ቅቤ ሲቀንስ ልቧ እየፈራ ነው የምትቀንሰው፤ «አማቾች መጥተው ቢያዩ ምን ይሉኛል?» እያለች። ያ የፈራችው ነገር ነው በልጅ ልጇ አባት አፍ የመጣባት።

ስለዚህ ልጄ፣ «ሐሰት ተናግሬአለሁ» ካልህ በኋላ እሷ የሠራችውን ጥራው። የሌሊቱን እሳት ጥራው። ካልጠራኸው ያላየኸው ይመስላታል። አታወድስ፤ እንደሆነው ብቻ ተናገር።

ስለ ክርስትናው ደግሞ በዚህ መልእክት ላይ አንዲት ቃል እንዳታነሣ። ለክርስትናው ብለህ ይቅርታ የጠየቅህ ይመስላል።

አዲስ አባት

ከባለቤቴ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ተነጋገርን። ሁሉንም እዚህ አልጽፍም። መጀመሪያ «አንተ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

እንደገና ጻፍሁት፦

«እማማ፣ ይህን ወረቀት ሚዜዬ ያነብልዎታል። ያን ማታ የአራስ ቅቤ ይሸጣሉ ብዬ ተናግሬብዎታለሁ። ሐሰት ነው። እናቴ የነገረችኝን ሰምቼ ሳላጣራ ፈረድሁ። ልጅዎ ሆዴን አመመኝ ስትልዎ ቅቤውን መቀነስዎን አላወቅሁም ነበር። ይቅር ይበሉኝ። በወንድሜም አልቀየምም።»

የዳንግላ እናት

በጣም ተሻሽሏል። ግን «አላወቅሁም ነበር» የሚለው እንደ መከላከያ ይሰማል። ማወቅ ትችል ነበር፤ አልጠየቅህም። እንደዚያ ብለህ ጻፈው። እናትህንም አሁንም እንደያዝሃት ነህ።

የፍኖተ ሰላሙ ጡረተኛ

«በወንድሜም አልቀየምም» የሚለውን አውጣው። ያልተጠየቅኸውን ይቅርታ መስጠት ከሳሽ ያደርግሃል። የወንድሟ ነገር ሽማግሌ ፊት በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ባይመጣም ግድ የለም። ይልቅ እህትህ የዘለፈቻቸውን አጎት አስብ። እኒያ ሰው ጋብቻችሁን ያቆሙ ናቸው፤ እሳቸው ሳይታረቁ ቤቱ አይታረቅም። ዐረፍተ ነገሮችህንም አሳጥር። የሚሰማው የሽማግሌ ጆሮ ነው፤ ረጅም ሐረግ መሐል ላይ ይጠፋበታል።

አዲስ አባት

የመጨረሻው ይህ ነው። ዓርብ ማታ በእጄ ገለበጥሁት፤ ሚዜዬ ቅዳሜ ጠዋት ይዞት ሄደ።

«እማማ፣ ይህን ወረቀት የሚያነብልዎ ሚዜዬ ነው። መጀመሪያ የምናገረው ለእርስዎ ነው።

የአራስ ቅቤ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ ብዬ ተናግሬብዎታለሁ። ያልሁት ሐሰት ነው። ቅቤው በቅሉ እንዳለ ቤትዎ ነበር። ልጅዎን መጠየቅ እችል ነበር። ሳልጠይቅ ፈረድሁ።

እርስዎ ሌሊት ተነሥተው እሳት ሲያያይዙ እኔ ተኝቼ ነበር። ልጄን መጀመሪያ ያጠበው የእርስዎ እጅ ነው። ያን እጅ ሌባ አልሁት።

አባቴ፣ በቤትዎ ላይ የተነገረ በእርስዎም ላይ ተነግሯል። ልጅዎን ሲሰጡኝ ክብርዎንም ሰጥተውኝ ነበር። አልጠበቅሁትም።

በአጎታችን ላይ ከእኛ ቤት የወጣው ቃል የተወለደው ከእኔ ቃል ነው። እሱንም የምጠየቅበት እኔ ነኝ።

ቃሌን ብዙ ሰው ሰምቷል። ከፈቀዳችሁልኝ በሰሙት ሁሉ ፊት አነሣዋለሁ። ካልፈቀዳችሁልኝ ዝም እላለሁ።

ሽማግሌ እንድልክ ትፈቅዱልኛላችሁ? ቀኑን እናንተ ቁረጡ። ይቅር ለእግዚአብሔር በሉኝ።»

ከሞጣ

እንዴት ሆነ? ሁላችንም እየጠበቅን ነው።

አዲስ አባት

ሚዜዬ ትናንት ማታ ተመለሰ። ወረቀቱን ቡና ተፈልቶ ሳለ አነበበላቸው። እማማ ረከቦቱ አጠገብ ነበሩ። የእሳቱን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ተነሥተው ቅሉን ከተሰቀለበት አውርደው ሚዜዬ ፊት አስቀመጡት። «ይኸው፣ እይ» አሉት። አልከፈቱትም፤ መልሰው ሰቀሉት።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡት። «ለመጪው እሑድ ሳምንት ሽማግሌ ይምጣ» አሉ። ያ ቀን ልጄ 75 ቀኗ ነው። ስለ ቴሌግራሙ ግን እማማ «አይሆንም፤ ያ ነገር ዳግመኛ እንዲሰማ አልፈልግም» ብለዋል። ባለቤቴ ደግሞ «የሰሙት ሁሉ እውነቱን ሳያውቁ ሊቀሩ ነው ወይ?» ትላለች። ወንድሟ እዚያው ነበር፤ ወጥቶ ሄደ።

ከሞጣ

እኔ የባለቤትህን እደግፋለሁ። ስድቡን ሳትደግም እውነቱን ብቻ መናገር ይቻላል።

አያት ነኝ

የለም። የተሰደበችው እሷ ናት፤ አይሆንም ካለች አይሆንም። የሰማው ዘመድ ክርስትናው ላይ አብረው ሲቀመጡ ያያል።

የዳንግላ እናት

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። እናትህስ? ሁለቱ እናቶች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ክርስትና ሊደርስ ነው።

አዲስ አባት

እናቴ «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት፤ ደረቅ ነበር» ትላለች። ያየችው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ነው ያላወቀችው። እንድትሄድ ለመንኋት፤ «ሽማግሌዎቹ ይሂዱና ይመለሱ፤ ከዚያ እናያለን» አለች። ዛሬ ጠዋት ግን ገበያ ወጥታ አንድ ቅል ማር ገዝታ መጥታለች። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የፍኖተ ሰላሙ ጡረተኛ

አትጠይቃት። ሽማግሌዎችህን እነማን አድርገሃል?

አዲስ አባት

የንስሐ አባታቸው እሺ ብለዋል። ሁለተኛው የሚዜዬ አባት ናቸው። ሦስተኛውን አላገኘሁም። በለቅሶው ድንኳን ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡት አጎቴ «እኔ ልሂድ» ብለውኛል፤ ልላካቸው ወይስ ይቆዩ?

የፍኖተ ሰላሙ ጡረተኛ

መጀመሪያ ብቻቸውን ሄደው የባለቤትህን አጎት ሰላም ይበሉ። ሰላምታቸውን ከተቀበሏቸው ሦስተኛህ እሳቸው ናቸው።